የ2006ቱ የአረብ አገር ጉዞ እገዳ ነፃነት ነው ወይስ ክልከላ? (ለክርክር ክበብ እርዳታ እፈልጋለሁ)

ሶሊ

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲያችን የክርክር ክበብ ውስጥ አዲስ ነኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት የደረሰን ርዕስ ይሄ ነው፦ «በጥቅምት 2006 መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ አረብ አገር እንዳይሄዱ ያገደው ነፃነታቸውን ለመጠበቅ ነው።» የእኛ ቡድን ደጋፊ ሆኖ ወጥቷል።

አሰልጣኛችን «አሉታዊ ነፃነትንና አዎንታዊ ነፃነትን ለይታችሁ ኑ» አለን። ያነበብኩት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አሉታዊው ማንም እንዳይከለክልህ ነው፤ አዎንታዊው የምትፈልገውን ለማድረግ አቅም እንዲኖርህ ነው ይላል። እሺ፣ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። እገዳው ላይ ላስቀምጠው ስል ግን ይምታታብኛል። እገዳው ለማንም ገንዘብ አልሰጠም፣ ሥራ አልሰጠም። በር ነው የዘጋው። ታዲያ ደጋፊው ወገን «ነፃነት» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል? በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጥልኝ።

ቨርጂኒያው

ሶሊ አትጨናነቂ፣ ቀላል ነው። አሉታዊ ማለት «መንግሥት እጅህን ሰብስብ» ነው። አዎንታዊ ማለት «መንግሥት ስጠኝ» ነው። እዚህ አሜሪካ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የጤና ኢንሹራንሱን እዪው። የኦባማ ሕግ ኢንሹራንስ ያልገዛ ሰው ቅጣት እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። አንዱ ወገን «አልገዛም የማለት ነፃነቴን ነካህ» አለ። ሌላው «ታሞ መታከም ያልቻለ ሰው ምን ነፃነት አለው?» አለ። በመጨረሻ ከ2019 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የፌዴራሉ ቅጣት ዜሮ ሆነ። አለቀ። ያንቺን እገዳም እንዲሁ መድቢው፦ ደርግም ኢሕአዴግም መንግሥት ሁሉን ያውቃል የሚሉ ስለነበሩ አዎንታዊ ናቸው።

ዶላር አሳዳጅ

እገዳው ትልቅ ስህተት ነበር። ሀዋላ የሚያስገቡት እነዚህ ልጆች ናቸው። አገሪቱ በዶላር እጥረት ታንቃ እያለ ዶላር የሚልኩትን ማገድ ምን የሚሉት ነው? ክርክሩን በዚህ ታሸንፊያለሽ።

ሶሊ

ወንድሜ፣ እኔ እኮ የደጋፊው ቡድን ነኝ 😅

መምህር ከጓሮ

ሶሊ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆመው። «በር የዘጋ ሕግ እንዴት ነፃነት ይባላል?» ያልሽው ራሱ የጉዳዩ እምብርት ነው። ያነበብሽው ማብራሪያ ግን አንድ ነገር ዘሎብሻል።

ይሄን ክፍፍል ያስተዋወቀው ኢሳያ በርሊን ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ሪጋ ነው የተወለደው። በልጅነቱ የ1917ን የሩሲያ አብዮት ፔትሮግራድ ሆኖ አየ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ጥቅምት 31 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ የፕሮፌሰርነት መክፈቻ ንግግሩን ያደረገው በዚሁ ርዕስ ነው። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። ሰውን እስር ቤት እያጎሩ «ነፃ አወጣንህ» የሚሉ መንግሥታት የነበሩበት ጊዜ ነው። በርሊንን ያስጨነቀው ይሄ ነው፦ ሰው ይሄን ሲል ውሸታም ብቻ ነው ወይስ የሚያምንበት አካሄድ አለው?

መልሱ አካሄድ አለው የሚል ነበር። አሉታዊው ጥያቄ «ማንም ሳይነካኝ የማደርገው ነገር ምን ያህል ነው?» ይላል። አዎንታዊው ደግሞ «የሚያዘኝ ማነው?» ይላል። መልሱ «እኔው ራሴ» ከሆነ ነፃ ነኝ። ልብ በይ፣ እዚህ ውስጥ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ክሊኒክ የተባለ ነገር የለም። የራስ ጌታ ስለመሆን ነው።

እስካሁን ማንም የሚጠላው ነገር የለም። አሁን ደረጃ በደረጃ ሲንሸራተት እዪው። «የራሴ ጌታ ነኝ» ስል ውስጤ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው፤ የሚያዝና የሚታዘዝ። ሲጋራ ማቆም የሚፈልገው እኔና ሲጋራ የሚያምረው እኔ እንደማለት። ከዚያ የሚያዘው፣ አስተዋዩ፣ «እውነተኛው እኔ» ይባላል። ሌላው ስሜት ነው፣ ድንቁርና ነው፣ ተታልሎ ነው ይባላል። ከዚያ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ይመጣና «እውነተኛው አንተ የሚፈልገውን ካንተ የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ» ይላል። በመጨረሻ ያስገድድህና «ያስገደድኩህ እንዳይመስልህ፤ አንተው ብታውቅ ኖሮ የምትመርጠውን ነው ያደረግኩልህ» ይልሃል።

ደጋፊው ወገን «ነፃነት» የሚለውን ቃል የሚያመጣው ከዚህ ነው። «እህቶቻችን በደላላ ተታለው ነው እንጂ አውቀው አልሄዱም፤ ስለዚህ ስናግዳቸው ፈቃዳቸውን አልነካንም» ካልሽ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመሻል።

ቨርጂኒያው፣ የጤና ኢንሹራንስ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ሌላ ክርክር ነው። እሱ አቅም ስለማጣት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን «አዎንታዊ» በሚል አንድ ቅርጫት ይከታቸዋል። በርሊን ራሱ ድህነትን ወዲያው የነፃነት ማጣት ማለት አይወድም ነበር። ዳቦ መግዛት ያልቻልኩት ሌሎች ሰዎች በሠሩት ሥርዓት ምክንያት ነው ብዬ ካመንኩ ብቻ ነው ነፃነት አጣሁ የምለው ባይ ነው። ጦሙን ለሚያድር ሰው ከነፃነት በፊት ምግብና መድኃኒት ሊቀድም እንደሚችልም ይቀበላል። ግን ዳቦውን ዳቦ እንበለው፣ ነፃነቱን ነፃነት እንበለው ነው የሚለው።

ቨርጂኒያው

መምህር፣ ይሄ ለጠገበ ሰው የሚመች ፍልስፍና አይመስልህም? የአውቶቡስ ገንዘብ የሌላትን ልጅ «ማንም አልከለከለሽም፣ ነፃ ነሽ» ልትላት ነው?

መምህር ከጓሮ

አልላትም። ይሄን ነጥብ ከሁሉ በላይ የገፋበት ሰው ደግሞ በርሊን ራሱ የያዘውን ወንበር በኋላ ኦክስፎርድ ላይ የወረሰው ጄራልድ ኮኸን ነው። የሱን ሐሳብ ወደ እኛ መነኻሪያ ላምጣው። ልጅቷ ሳትከፍል ጅማ አውቶቡስ ላይ ትውጣ። ምን ይሆናል? ረዳቱ ያወርዳታል። አልወርድም ካለች ፖሊስ ይጠራል። ስለዚህ የከለከላት ሰው አለ። ገንዘብ ማለት ረዳቱ እንዳያወርድሽ የሚያደርግ ነገር ነው። ገንዘብ ማጣት በበርሊን በራሱ መለኪያም የነፃነት ማጣት ነው ይላል ኮኸን። እኔን አሳምኖኛል። ሁሉንም አላሳመነም።

ልብ በል፣ ኮኸን ይሄን ያለው አዎንታዊ ነፃነት የሚባል ሌላ ነገር ሳይጨምር ነው። ጣልቃ መግባት የሚለውን ብቻ ይዞ ነው። «አሉታዊ ነፃነት የሀብታም ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ጋሽ ዘማች

ልጆች፣ መምህሩ ስለ መንሸራተቱ የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ በ1967 እድገት በኅብረት የዘመትኩ ሰው ነኝ። ያኔ አልዘምትም ማለት ትምህርትህንና የወደፊት ሥራህን መተው ነበር። ስለዚህ ዘመትን። ፊደል አስቆጠርን፣ የገበሬ ማኅበር አቋቋምን። ማንበብ የቻለ ገበሬ የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣለት የሚያነብለት ሰው መለመን ቀረለት። ይሄ ነፃነት አይደለም የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ግን ስብሰባ ላይ «ሰፊው ሕዝብ ይህን ይፈልጋል» እያሉ የሚናገሩ ነበሩ። ሰፊው ሕዝብ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ሌላ ነገር እየጠየቀ ነበር። «ገና አልነቃም» ይባል ነበር። ያልነቃ ሰው የሚለው ነገር አይቆጠርም። ሲነቃ የሚለውን ደግሞ እኛ አስቀድመን እናውቀው ነበር።

መምህር፣ እንግዲህ ፊደሉ ከየትኛው ነው? ግዴታ ዘምተን፣ ወደው ተማሩ።

መምህር ከጓሮ

ጋሽዬ፣ እርስዎ ሁለቱን በአንድ ዘመቻ አሳዩን። ፊደሉ በር ከፈተ። ገበሬው አንብቦ የፈለገውን ይወስን፤ ማንም በሱ ስም አልወሰነም። «አልነቃም» የሚለው ደግሞ ገበሬው ከወሰነ በኋላ ውሳኔውን የሚሰርዝ ቃል ነው። እርስዎ ተገደው መዝመትዎ ሦስተኛ ነገር ነው። ለገበሬው ሲባል የእርስዎ ነፃነት ተቆረጠ። ተገቢ ነበር ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። አልተቆረጠም ማለት ግን አይቻልም።

የሪያዷ

ሰላም። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ስለኛ ስለሆነ ልጻፍ።

እኔ የመጣሁት በእገዳው ጊዜ ነው። እህቴ ቀድማኝ እዚህ ነበረች። ሁሉንም ነግራኛለች። ሥራው ሌሊትና ቀን መሆኑን፣ ስልክ ሊከለክሉኝ እንደሚችሉ፣ ደመወዝ ሊዘገይ እንደሚችል። አውቄ ነው የመጣሁት። ማንም አላታለለኝም። ኤጀንሲ ስለተዘጋ ግን በደላላ መጣሁ፤ ሁለት እጥፍ ከፈልኩ። መንገዱን አልነግራችሁም።

«ተታልለው ነው» ሲባል ይናደኛል። የሚያታልሉ ደላሎች አሉ፣ አልክድም። ግን ሁላችንን ሕፃን አታድርጉን።

አሁን ያለሁበት ቤት ማዳሟ ጥሩ ሰው ናት። ዓርብ ታሳርፈኛለች፣ ደመወዜ በወሩ ይገባል። ፓስፖርቴ ግን እሷ ጋ ነው። ልሂድ ብል የመውጫ ፈቃዴን፣ ኹሩጅ የሚሉትን፣ የምታስመታልኝ እሷ ናት። ቤት ልቀይር ብልም እንደዚያው። ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት እሺ የምትል ይመስለኛል። እንግዲህ እኔ ነፃ ነኝ ወይስ አይደለሁም? የምር ነው የምጠይቀው።

ቨርጂኒያው

እህቴ፣ ማንም ካልከለከለሽ ነፃ ነሽ ማለት ነው እኮ።

መምህር ከጓሮ

ቨርጂኒያው፣ ቀስ። እሷ የጠየቀችው ክፍፍሉ ራሱ የሚቸገርበትን ነገር ነው።

በርሊን መጀመሪያ ላይ ነፃነትን የፈለግሽውን ለማድረግ አለመከልከል አድርጎ ነበር የሳለው። በኋላ ራሱ አስተካከለው። እንደዚያ ከሆነማ ነፃ ለመውጣት ቀላሉ ዘዴ መፈለግን ማቆም ይሆናል። አልሄድም ብላ ልቧን ያሳመነች እስረኛ ነፃ ናት ሊባል ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው የተከፈቱት በሮች ብዛት ነው አለ፤ ልትገቢበት ፈለግሽም አልፈለግሽም። በዚህ ከሄድን፣ «ጠይቄያት አላውቅም» ማለትሽ ነገሩን አይዘጋውም። በሩ ክፍት ነው ወይ? የሚለው ይቀራል።

እዚህ ላይ ፊሊፕ ፔቲት የሚባል የዘመናችን ፈላስፋ ይገባል። በሩ ክፍት ቢሆንም ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ያ ሰው ደግ ቢሆንም አንቺ ነፃ አይደለሽም ይላል። ምክንያቱም የምትኖሪው በደግነቷ ነው። ነገ ማዳሟ ብትቆጣ፣ ወይም ብትሞትና ወንድሟ ቢረከብሽ፣ የሚያስቆመው ነገር የለም። ያንን ስለምታውቂ ዛሬም ቃልሽን ትመርጫለሽ፣ ፊቷን ታነቢያለሽ። ጣልቃ ሳይገባ የሚጫን ሥልጣን አለ።

ሠራተኛዋን በአሠሪዋ ፈቃድ ሥር የሚያስራት፣ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ክፉ አሠሪ ስላለ ብቻ አይደለም። ደጉንም አሠሪ የቁልፍ ባለቤት ስለሚያደርገው ነው። ኳታር የመውጫ ፈቃዱን ከ2018 ጀምሮ ለብዙ ሠራተኞች፣ በ2020 ደግሞ ለቤት ሠራተኞችም አንስታለች። ሳዑዲ በ2021 ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ የፍልስፍና ብቻ አይደለም። ሕግ አርቃቂዎች ፊት የቀረበ ጥያቄ ነው፤ ላንቺ ገና አልተመለሰም።

የሪያዷ

«ፊቷን ታነቢያለሽ» ያልከው እውነት ነው። ጠዋት ሲከፋት ከበር አወጣጧ አውቃለሁ።

ሶሊ

የሪያዷ እህቴ፣ ስለጻፍሽ በጣም አመሰግናለሁ። ቡድናችን «ሁሉም ተታለዋል» ብሎ ሊከራከር ነበር። አሁን ያንን መጠቀም ከበደኝ።

መምህር፣ ታዲያ ምን ይዘን እንግባ? ተሸንፈን እንምጣ?

መምህር ከጓሮ

ተሸንፋችሁ አትምጡ። ደጋፊው ወገን ጥሩ ክርክር አለው፤ ግን ትክክለኛውን መንገድ መምረጥ አለባችሁ።

መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ልስጥሽ። ጄራልድ ማካለም የሚባል ፈላስፋ በ1967 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት ነፃነት የለም፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው አለ። አንድ ሰው፣ ከአንድ እንቅፋት ተላቆ፣ አንድ ነገር ለማድረግ ነፃ ይሆናል። ሦስቱን ባዶ ቦታ ሙሊና ክርክሩ ራሱ ይገለጣል። እገዳው ላይ እንሞክረው።

ተቃዋሚው እንዲህ ይሞላዋል። ማን? አዋቂ ሴት። ከምን? ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ክልከላ። ምን ለማድረግ? ከአገር ወጥታ ለመሥራት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ስለሚል ይሄኛው መስመር ጠንካራ ነው። በዚያ ላይ ጊዜያዊ የተባለው እገዳ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ።

ደጋፊው ሲሞላው «ማን?» የሚለው ላይ ያው ሴት ናት። «ከምን?» የሚለው ላይ ደላላና ከፊል የሚባለው አሠሪ ይገባሉ። «ምን ለማድረግ?» የሚለው ላይ በደመወዟ፣ በአካሏና በመመለሻዋ ራሷ እንድታዝ ይገባል። አየሽ? ስለ «እውነተኛ ማንነቷ» ምንም አላልንም። እንቅፋቱን ቀየርን እንጂ ሴቲቱን አልቀየርናትም። የተንሸራተተ ክርክር የሚታወቀው የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ በሥጋ ያለችውን ሴት አውጥቶ «ብታውቅ ኖሮ የምትሆነዋን ሴት» ያስቀምጣል።

ሁለተኛው መሣሪያ የጆን ስቱዋርት ሚል ድልድይ ነው። ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ነፃነት የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ሰው ሊሰበር የደረሰ ድልድይ ላይ ሊወጣ ነው። አያውቅም። ለማስጠንቀቅ ጊዜ የለም። ይዘህ ብታስቀረው ነፃነቱን አልነካህም፤ ምክንያቱም የፈለገው መሻገር እንጂ ወንዝ ውስጥ መግባት አይደለም። «የጽዳት ሥራ፣ ይሄን ያህል ሪያል፣ ዓርብ ዕረፍት» ተብላ የፈረመች ልጅ ሌላ ነገር የሚጠብቃት ከሆነ፣ ማስቆሙ ፈቃዷን ማክበር ነው። ይሄ ለእናንተ ነው።

ግን ሚል እዚያው አንድ ገደብ አስቀምጧል። አደጋው ሊደርስ የሚችል ብቻ ከሆነና የተረጋገጠ ካልሆነ፣ ሰውዬው አዋቂ እስከሆነ ድረስ አስጠንቅቀው እንጂ አትያዘው ይላል። መዝኖ የሚወስነው ራሱ ነው። የሪያዷ የተናገረችው ይሄን ነው። እህቷ አስጠንቅቃታለች። ድልድዩን አይታ ነው የወጣችው።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ እገዳው ነፃነት ቀንሷል ብላችሁ ጀምሩ። አዎ፣ ደጋፊ ሆናችሁም። ከዚያ «የቀነሰው ለምንድነው? እስከ መቼ? በምን ይተካል?» ብላችሁ ተከራከሩ። እገዳው የወጣው ሳዑዲ በኅዳር 2006 ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የተመለሱበትን ማባረር ልትጀምር ጥቂት ሲቀራት ነው። ከተቀባዮቹ አገሮች ጋር የሠራተኛ መብት ስምምነት አልነበረም ማለት ይቻላል። የተበደለች ሴት ብትከስ የሚሰማት መንገድ አልነበረም። «ስምምነት እስኪኖር እንቁም» ማለት የሚያሳፍር ክርክር አይደለም። የሚያሳፍረው ክልከላውን «ነፃ አወጣናችሁ» ማለት ነው። እንደዚያ ካልሽ ማብቂያ ቀን የሚባል ነገር አይኖርም፤ ነፃነትን ማን ያበቃዋል?

ቨርጂኒያው

ርዕሱ ግን «ነፃነታቸውን ለመጠበቅ» ይላል እኮ። ቀነሰ ብለው ከጀመሩ ዳኞቹ ነጥብ ይቀንሱባቸዋል።

መምህር ከጓሮ

«ከደላላ የሚጠብቅ» ብለው ይሙሉት። የአንዱን በር ዘግተን የሌላውን እንጠብቃለን ማለት ይቻላል። የሲጋራውን ሕግ አስብ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ካፌ ውስጥ ማጨስ ከልክሏል። የአጫሹ ነፃነት ቀነሰ። ግን ማንም ለአጫሹ ጥቅም ብሎ ብቻ አልተሟገተም፤ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ጢስ እንዳይገባበት ነው የተባለው። ክልከላ ሁሉ አዎንታዊ ነፃነት አይደለም።

ጋሽ ዘማች

እኔ የገጠሩን መሬት ላንሳ። የየካቲቱ አዋጅ ሲወጣ ጢሰኛው ከባለርስት ተላቀቀ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደ። በዚያው አዋጅ መሸጥ፣ ማከራየት ተከለከለ። አሁንም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይሄስ በናንተ ሚዛን?

መምህር ከጓሮ

ጋሽዬ፣ ይሄ ቨርጂኒያውን የሚያስቸግር ነው። አይሸጥ የሚለውን ወገን ይስሙት፦ «ድርቅ ሲመጣ ገበሬው በእህል ዋጋ ሸጦ ከተማ ይበተናል፤ ማንም እንዳያፈናቅለው ነው።» ማንም እንዳያፈናቅለው! ይሄ የአሉታዊ ነፃነት ቋንቋ ነው፤ የሚናገረው ደግሞ ግራው ነው። ይሸጥ የሚለው ደግሞ «ባለቤት ካልሆነ የቀበሌ ሹም ፊት እያየ ይኖራል» ይላል። ይሄ የሪያዷ የማዳም ነገር ነው፤ የሚናገረው ደግሞ የገበያ ደጋፊው ነው። ግራና ቀኝን በዚህ ክፍፍል መለየት አይቻልም።

ቀሪውን ንገረን ካላችሁኝ፣ እኔ መልስ የለኝም። ድርቁ የሚያስገድደው ሽያጭ ነፃ ውሳኔ ነው ወይ? ረሃብ ሰው አይደለም፣ አይከለክልም። ግን ረሃብ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ሰው ነው።

ዶላር አሳዳጅ

እሺ እኔም ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2008 አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ውጭ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና ሲኦሲ ያለው ይሁን አለ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ጉዞው ሲከፈት የእኛ ሰፈር ልጆች ግማሹ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆሙ ነበሩ። ይሄ ማብቃት ነበር ወይስ ማገድ? ሕጉ ያኔ ተምራ ትሂድ ነበር የሚለው።

ሶሊ

ይሄ ቆንጆ ጥያቄ ነው! እንደ መምህር ልሞክር። ማን? አምስተኛ ክፍል ያቆመች ልጅ። ከምን? ከኤጀንሲው «አትችይም» ከሚለው። ምን ለማድረግ? ለመሄድ። በዚህ ከሄድኩ እገዳ ነው። ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ከጨረሰች ውሏን አንብባ ትፈርማለች፤ ያ የጋሽ ዘማች ፊደል ነው።

የሪያዷ

ውሉ በዓረብኛ ነው እህቴ። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ያነበብኩት የለም።

መምህር ከጓሮ

እንግዲህ አዋጁ ይሄን ፈተና ይለፍ፤ መስፈርቱ የታለመለትን ነገር ይሰጣል ወይ? ማንበብ ከሆነ የተፈለገው፣ ውሉ በምታነበው ቋንቋ ይቅረብላት፣ ወይም በቃል ይነበብላትና ቅጂው ይሰጣት። ያ በር ይከፍታል፣ ማንንም አያስቀርም። ይሄን ሳያደርጉ ስምንተኛ ክፍል ካሉ፣ የተዘጋባት ይበልጥ ሥራ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት። እሷም ቤቷ አትቀርም፤ በመተማ ወይም በሞያሌ ትወጣለች።

ሲኦሲው ግን የተለየ ነው። የጋዝ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ አይታ የማታውቅ ልጅ ስልጠናው እዚያ ሄዳ ከመደንገጥ ያድናታል። እሱን አልቃወምም።

ጋሽ ዘማች

እድሜዋን 25 ብላ ያስጻፈች የ15 ዓመት ልጅስ? ለእሷም «አስጠንቅቆ መተው» ነው?

መምህር ከጓሮ

አይደለም ጋሽዬ። ሚልም ልጆችን ከሕጉ አውጥቷቸዋል። ችግሩ በወረቀት 25 ስለሆነች ኤርፖርት ላይ የቆመው ሰው እንዴት ይለያት የሚለው ነው። ሁሉንም ወጣት መልክ ያላት ሴት ካስቆመ የ22 ዓመቷን ያስቀራል። ማንንም ካላስቆመ ልጅቷ ታልፋለች።

የሪያዷ

ቀበሌ ላይ ነው የሚለየው። መታወቂያው የሚወጣው እዚያ ነው፤ ልጅቷን የሚያውቋትም እዚያ ናቸው። ኤርፖርት ላይ ዕዳ ገብታ ጨርሳለች፤ ያኔ ብትመልሷትም እናቷ በሬውን ሸጣለች።

ሶሊ

ይሄን ለቡድኔ እወስደዋለሁ፤ ከፈቀድሽልኝ። ስምሽን አልጠራም።

የሪያዷ

ውሰጂው። ግን ተቃዋሚዎቹም ቢጠቀሙበት አትቀየሚኝ።